መሐሉ ሲላላ፦ በረጅም ልብወለድ ውስጥ መያዣውን ከፍ ማድረግ

320 ገጽ የሚሆን ረቂቅ እጃችሁ ላይ አለ እንበል። የመጀመሪያው 80 ገጽ ይሮጣል፤ መጨረሻውንም ታውቁታላችሁ። ከ118ኛው እስከ 204ኛው ገጽ ባለው ግን ገጸ ባሕርያቱ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ያለቅሳሉ፤ ታሪኩ ግን ንቅንቅ አይልም። ረቂቁን ያነበበላችሁ ሰው «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ረዘመ» ይላችኋል። ችግሩ ርዝመቱ አይደለም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በ118ኛው ገጽ ልታጣው የምትችለውና በ204ኛው ገጽ ልታጣው የምትችለው ነገር አንድ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ይህን «ልታጣው የምትችለው ነገር» እዚህ ላይ መያዣ እንለዋለን። አንድ ሰው ሲበደር ቤቱን ወይም ወርቁን እንደሚያስይዝ ሁሉ፣ ገጸ ባሕርይም የፈለገችውን ለማግኘት ስትነሳ አንድ ነገር ታስይዛለች። መሐሉ የሚላላው በአብዛኛው መያዣው ሳይለወጥ ብዙ ገጽ ሲያልፍ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ብዙ ጸሐፊዎች እንደሚያደርጉት አደጋውን ማግዘፍ አይደለም፤ የመያዣውን ዓይነት መለወጥና መመለሻውን መንገድ መዝጋት ነው።

ሥራውን በምሳሌ እንሥራው። ለዚሁ ጽሑፍ የፈጠርነው ታሪክ ይህ ነው። አልማዝ ባሏ የሞተባት የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ናት። 40 አባላት ባሉት ሳምንታዊ እቁብ ውስጥ አለች፤ እያንዳንዱ አባል በየእሑዱ 5,000 ብር ይጥላል፣ ዕጣ የወጣለት 200,000 ብር ይወስዳል። ታናሽ ወንድሟ ታደሰም አባል ነው። በ4ኛው ሳምንት ዕጣው ወጣለት፣ አልማዝ ዋስ ሆና ፈረመችለት፣ ገንዘቡን ወሰደ። ሦስት ሳምንት ከፍሎ በ8ኛው ሳምንት ጠፋ። የቀሩት 33 ሳምንታት ናቸው፤ ስለዚህ ዋሷ 165,000 ብር ተሸክማለች። ከራሷ ጋር በየሳምንቱ 10,000 ብር ማግኘት አለባት። ጥሩ መነሻ ነው። ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ግን ታሪኩ ይቆማል።

አንደኛ፦ የላላበትን ቦታ በትክክል ማግኘት

ከላላው ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ብቻ ይኑር፤ ምን ፈለገች? ምን አገኘች ወይም አጣች? ከዚህ ትዕይንት በኋላ ማድረግ የማትችለው ምንድን ነው? ሁለቱን መስመሮች መሙላት ቀላል ነው፤ ሦስተኛው ላይ ነው እውነቱ የሚወጣው። ሦስተኛው መስመር በተከታታይ ሦስት ወረቀት ላይ ባዶ ከሆነ የላላው ቦታ እዚያ ይጀምራል።

በአልማዝ ረቂቅ 11 ትዕይንቶች ይገኛሉ። በሦስቱ ትበደራለች፣ በአራቱ ወንድሟን ትፈልጋለች (መናኸሪያ፣ ጓደኛው ቤት፣ የድሮ ሥራው ቦታ፣ ሆስፒታል)፣ በሁለቱ የእቁቡ ዳኛ ያስጠነቅቃታል፣ በአንዱ ከአክስቷ ጋር ትጣላለች፣ በአንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ታለቅሳለች። ሦስተኛው መስመር በስምንቱ ላይ ባዶ ነው። ሦስቱ ብድሮች የአበዳሪው ስም ቢለያይም አንድ ትዕይንት ናቸው። አራቱ ፍለጋዎችም እንዲሁ፤ ሁሉም «አላየሁትም» በሚል ያልቃሉ።

ሁለተኛ መፈተኛ አለ። ከወረቀቶቹ ሁለቱን ቦታ አቀያይሩ። የመናኸሪያው ፍለጋ ከአክስቷ ጠብ በፊት ቢመጣም በኋላ ቢመጣም ምንም የማይናጋ ከሆነ ትዕይንቶቹ አንዱ አንዱን አልወለደውም ማለት ነው፤ ተሰልፈው ቆመዋል እንጂ።

ሁለተኛ፦ መያዣውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

ይህን ክፍት ቦታ ሙሉ፦ «____ እስከ ____ ድረስ ____ ካላደረገች ____ን ታጣለች።» ለላላው ክፍል መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ለመጨረሻው አንድ ጊዜ ጻፉት። የእኛ ምሳሌ በሁለቱም ቦታ «አልማዝ እስከ እሑድ ድረስ 10,000 ብር ካላገኘች በእቁቡ ያላትን ስም ታጣለች» ይላል። አንድ ቃል አልተለወጠም። ከ80 ገጽ በላይ የተጻፈው እዚያው ለመቆም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳታዩ አትለፉ። «ስሟን ታጣለች» የሚለው አባባል ለአንባቢ ባዶ ሊሆን ይችላል። የአልማዝ ስም ምን እንደሚያወጣ በመጀመሪያዎቹ ገጾች በድርጊት ካልታየ፣ ቢጠፋም አንባቢው አይደነግጥም። ለምሳሌ በ15ኛው ገጽ አንድ ነጋዴ 60,000 ብር የሚያወጣ ጣቃ ያለ ፊርማ ቢሰጣትና ጽሑፍ እንጻፍ ስትለው ቢቆጣ፣ ስሟ ዋጋ ያገኛል። በኋላ ያው ነጋዴ ለአንድ ጣቃ ፊርማ ሲጠይቃት ከባድ ንግግር አያስፈልግም፤ እስክሪብቶውን ወደ እሷ መግፋቱ ይበቃል። መያዣ ከፍ የሚለው ቀድሞ ዋጋው ከታወቀ ብቻ ነው። ስለዚህ የመሐሉ ጥገና አንዳንዴ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

ሦስተኛ፦ «ለምን ትታው አትሄድም?» ብሎ መጠየቅ

የላላ መሐል ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ደረጃ ክፍት በሮች አሉት። አንባቢው በልቡ «ለምን እንዲህ አታደርግም?» እያለ ያነባል። በሮቹን ቁጠሯቸው። አልማዝ አራት አሏት፤ እውነቱን ለእቁቡ ተናግራ ጊዜ መጠየቅ፣ የሱቁን ዕቃ መሸጥ፣ ወንድሟን መክሰስ፣ ሽማግሌ መላክ።

በሮቹ በአንድ ቀን አይዘጉ። በየሁለት ወይም በየሦስት ትዕይንቱ አንድ በር ይዘጋ፤ ከተቻለም የሚዘጋው በራሷ እጅ ይሁን። ይህ የሥራው ዋና ነገር ነው። በ9ኛው ሳምንት ዳኛው አቶ ወርቁ «ታደሰ የት አለ?» ብለው ሲጠይቋት «ታሟል፣ እኔ እጥልለታለሁ» ብላ መለሰች እንበል። ያኔ ትንሽ ውሸት ናት። በ14ኛው ሳምንት ግን እውነቱን ልትናገር ብትነሳ አምስት ሳምንት ሙሉ 40 ሰው ማታለሏን ማመን አለባት። የመጀመሪያው በር ተዘጋ፤ የዘጋችውም እሷ ናት። ባዳ መጥቶ ቢዘጋው ኖሮ አንባቢው ያዝንላት ነበር። ራሷ ስትዘጋው ግን ያዝናል፣ ይፈርድባታል፣ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግም ለማየት ገጹን ይገልጣል።

የዕቃው በር ደግሞ በንግድ ምክንያት ይዘጋ። ለበዓል ይሸጣል ብላ የወሰደችው ጨርቅ የዱቤ ነው፤ በርካሽ ብትሸጠው ባለ ዱቤው ይሰማል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፣ ሙሉ ትዕይንት አትስጡት። ሽማግሌ የመላኩ በር የሚዘጋው ታደሰ ጠፍቶ ሽማግሌ ወደ ማን ይላካል በሚለው ነው። ክሱን ለጊዜው ክፍት ተዉት፤ በኋላ ይፈለጋል።

አራተኛ፦ ለተቃራኒው ወገን የራሱን ቀን መቁጠሪያ መሥራት

መሐሉ ሲላላ ተቃራኒው ወገን ብዙውን ጊዜ ተኝቷል። አቶ ወርቁ በ12ኛው ሳምንት ያስጠነቅቃሉ፣ በ20ኛውም ያንኑ ያስጠነቅቃሉ። በመሐሉ ምን ሲያደርጉ ነበር? ለብቻው ወረቀት አውጡና በየሳምንቱ እሳቸው የሚያውቁትንና የሚያደርጉትን ጻፉ፤ አልማዝ በሌለችበት ጭምር።

አቶ ወርቁ ክፉ ሰው መሆን የለባቸውም። ተራው የደረሰ አባል ሙሉ 200,000 ብሩን ካላገኘ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ይህ ብቻውን በቂ ግፊት ነው። በ12ኛው ሳምንት አልማዝን ለብቻዋ ያናግሯታል። በ13ኛው ታደሰ ሥራ ይሠራበት ወደነበረው ቦታ ሰው ልከው መልቀቁን ይሰማሉ፤ ለአልማዝ ግን አይነግሯትም። በ15ኛው ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ባሉበት «ታደሰ ታሟል ብለሻል፣ ልንጠይቀው እንሂድ» ይላሉ። ትዕይንቱን አስቡት፤ ሦስት ሽማግሌ ብርቱካን በፌስታል ይዘው የማይኖር በሽተኛ ለመጠየቅ ሱቋ ደጃፍ ቆመዋል። ሁለቱ የማስጠንቀቂያ ትዕይንቶች ተጥለው ይህ አንዱ ሲገባ ገጽ ይቀንሳል፣ ጭንቀቱ ግን ይጨምራል። ቀን መቁጠሪያው የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ማስፈራሪያ ከመድገም ይልቅ የተቃራኒው ወገን ቀጣይ ተፈጥሯዊ እርምጃ ምን እንደሆነ ያሳያችኋል።

አምስተኛ፦ የመያዣውን ዓይነት መለወጥ

መያዣ በብዛት ሲጨምር አንባቢ ቶሎ ይለምደዋል። 165,000 ብር 300,000 ቢሆን ለአንባቢው ልዩነቱ ትንሽ ነው። በዓይነት ሲለወጥ ግን ታሪኩ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ለአብዛኛው ታሪክ የሚሠራው ቅደም ተከተል ከገንዘብ ወደ ስም፣ ከስም ወደ ሌላ ሰው የሚሄደው ነው። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ገጸ ባሕርይዋ የራሷን ሳይሆን ምንም ዕዳ የሌለበትን ሰው ታስይዛለች።

በምሳሌያችን ይህ በ160ኛው ገጽ አካባቢ፣ በታሪኩ እኩሌታ ላይ ይምጣ። በ16ኛው ሳምንት አንድ አራጣ አበዳሪ ወደ ሱቁ ይመጣል። የአልማዝ ሟች ባል ሱቁን አስይዞ ተበድሮ ነበር። ታደሰ ይህን አውቆ፣ እህቱ እንዳትሰማ ብሎ፣ የእቁቡን 200,000 ብር ለዚህ ሰው ከፍሏል። ወለዱ ግን አላለቀም፤ 180,000 ብር ቀርቷል። ታደሰ የሸሸው ሁለቱን መሸከም ስላቃተው ነው። እስካሁን ታሪኩ «ወንድሟን ታገኘው ይሆን?» ይል ነበር። አሁን «ለእሷ ብሎ የጠፋውን ሰው አሳልፋ ትሰጠው ይሆን?» ይላል። ክፍት የተውነው የክስ በርም የሚዘጋው እዚህ ነው፤ ልትከሰው ትችላለች፣ ግን አትችልም።

ቀጥሎ ምርጫ ስጧት። በ17ኛው ሳምንት ዕጣ የወጣለት አንድ አባል ተራውን በ15,000 ብር ሊሸጥ ፈቃደኛ ነው። ከገዛችው 200,000 ብር ይገባላታል። እዚህ ላይ ራሷ ዕጣ እንዲወጣላት ማድረግም ይቻል ነበር፤ ግን ባይሆን ይመረጣል። ገጸ ባሕርይን የሚጎዳ አጋጣሚ አንባቢ ይቀበላል፣ የሚጠቅማትን ግን ይጠረጥራል። ተራ መግዛት ምርጫ ነው፣ ዋጋም አለው።

ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት፤ አንባቢው ይሠራዋልና። ከ200,000 ላይ 15,000 ለተራው ሻጭ፣ 180,000 ለአራጣው ሲወጣ የሚቀራት 5,000 ብር ነው፣ የአንድ ሰው የአንድ ሳምንት እቁብ። ከ18ኛው እስከ 40ኛው ሳምንት ያለው 23 ሳምንት ደግሞ የራሷም የወንድሟም መጣያ ነው፤ በድምሩ 230,000 ብር። አራጣው የቀረው 50,000 ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ በተረፈው ገንዘብ የወንድሟን ቀሪ ዕዳ ከፍላ ትገላገል ነበር፤ ታሪኩም እዚያው ያልቅ ነበር። ቁጥር በታሪክ ውስጥ በር ይከፍታል፣ ይዘጋልም። ያልተሰላ ቁጥር ስንት ጥሩ መሐል አፍርሷል።

አሁን ገንዘቡን ለመውሰድ ዋስ ያስፈልጋታል። ነጋዴዎቹ በሙሉ አንገራገሩ። የቀሩት ጎረቤቷ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ያጠራቀሙትን ይዘው እቁቡ ውስጥ የገቡ፣ ቡና አብረዋት የሚጠጡ። የፊርማው ትዕይንት እንዲህ አጭር ሊሆን ይችላል።

«ታደሰ ተሻለው?» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ከማድረጋቸው በፊት።

«ተሽሎታል እትዬ። ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል።»

«እሰይ። እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።»

ጣታቸውን አሳርፈው ሲያነሱ ወረቀቱ ትንሽ ተከተላቸው። አልማዝ ጨርቅ አቀበለቻቸው።

ይህ ትዕይንት ጩኸት የለውም። ነገር ግን አልማዝ ወንድሟ በእሷ ላይ ያደረገውን ሁሉ በእትዬ ዘነበች ላይ አደረገች፤ ያውም እያወቀች። የሁለተኛውን ደረጃ ዓረፍተ ነገር እንደገና ሙሉት፦ «አልማዝ እስከ 40ኛው ሳምንት ድረስ በየእሑዱ 10,000 ብር ካልጣለች እትዬ ዘነበች ያላቸውን ሁሉ ያጣሉ።» የጊዜ ገደቡም፣ የሚጎዳውም ሰው ተለወጠ። ግጭቱ መንቀሳቀሱን የምታውቁት በዚህ ነው።

ስድስተኛ፦ ወደ ኋላ ሄዶ ዘር መዝራት

የአራጣው ዜና በ150ኛው ገጽ ድንገት ከመጣ አንባቢው ጸሐፊው ሲቸግረው የፈጠረው ነው ይላል፤ ይህም ትክክል ነው። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው 80 ገጽ ተመልሳችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ፍንጭ አስቀምጡ። አንዱ፣ ታደሰ በ26ኛው ገጽ ሌላ ነገር እያወራ «ጋሼ የሒሳብ ደብተሩን የት ነበር የሚያስቀምጠው?» ይላታል፤ እሷም መሳቢያውን ታሳየዋለች። ሌላው፣ ዕጣው በወጣለት ቀን እንደ ሌላው ሰው አይደሰትም፤ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ዝም ይላል። ሦስተኛው፣ የሱቁ ውል በሟቹ ስም እንደሆነ በኪራይ ጉዳይ መሐል ይነሳ። ፍንጭ ሁልጊዜ ሌላ ሥራ እየሠራ ይደበቅ። ፍንጭ ለመሆን ብቻ የገባ ዓረፍተ ነገር ከሩቅ ይታያል።

እትዬ ዘነበችንም እንዲሁ። በ158ኛው ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ብለው በ160ኛው ቢፈርሙ ማንም አይጨነቅላቸውም። ከዚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ አንዴም በሚያስቅ ሁኔታ፣ አንባቢው አግኝቷቸው መሆን አለበት።

ሰባተኛ፦ መቁረጥና ማስተንፈስ

አዲሶቹ ትዕይንቶች ሲገቡ የድሮዎቹ ሁሉ መቆየት የለባቸውም። ከሦስቱ ብድሮች በጣም የሚያዋርደውን አስቀሩ። ከአራቱ ፍለጋዎች ሁለቱን ተዉ፤ አንዱ ግን «አላየሁትም» በሚል አይለቅ፣ «ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወረቀት ሲፈራረም አይቼዋለሁ» በሚል ይለቅ። ለቅሶው ከፊርማው በኋላ ይሂድ፤ ከፊቱ ሲሆን ለራስ ማዘን ነው፣ ከኋላው ሲሆን ጸጸት ይሆናል። በዚህ አሠራር 11ዱ ትዕይንቶች ወደ 8 ይወርዳሉ፤ 87ቱ ገጽም 60 ገደማ ይሆናል።

ከከባዱ ትዕይንት በኋላ ወዲያው ሌላ ከባድ አታምጡ። በማግሥቱ እትዬ ዘነበች ትኩስ እንጀራ በሰፌድ ይዘው ቢመጡና አልማዝ መቀበል ቢያቅታት፣ ሁለት ገጽ የማይሞላው ይህ ጸጥታ የተያዘውን ነገር ክብደት ከማናቸውም ማስፈራሪያ በላይ ያሳያል።

በብዛት የሚበላሸው

መሐሉ ሲላላ የመጀመሪያው ፈተና ሰው መግደል ነው። እናት ትታመማለች፣ መኪና ይገለበጣል፣ ልጅ ይታፈናል። ችግሩ የሚሞተው ሰው ሞት ከዋናው ግጭት ጋር አለመገናኘቱ ነው። የእናት ሕመም የአልማዝን ጭንቀት ይጨምራል፣ የእቁቡን ጉዳይ ግን አንድ ስንዝር አያንቀሳቅስም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አዲሱን ትዕይንት አውጥታችሁ የሚቀጥለውን አንብቡ። ሳይለወጥ ከቆመ ያወጣችሁት ጌጥ ነበር።

ሁለተኛው በ170ኛው ገጽ አዲስ ክፉ ሰው ማስገባት ነው። የእኛ አራጣ አበዳሪም ያለ ዘሩ እንዲሁ ይሆን ነበር። ሦስተኛው ቶሎ መጨረስ ነው፤ እትዬ ዘነበች በ90ኛው ገጽ ቢፈርሙ የቀረውን 230 ገጽ የሚይዝ ከዚያ የበለጠ መያዣ የለም፣ መሐሉም እንደገና ይላላል። ከባዱን ለእኩሌታው፣ የመጨረሻውን ለጡዘቱ አስቀምጡ።

ይህ አሠራር የማይፈታው የላላ መሐልም አለ። የመያዣውን ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያው ምዕራፍ እንኳ መሙላት ካልቻላችሁ ችግሩ መሐሉ ላይ አይደለም፤ ገጸ ባሕርይዋ ገና ምንም አልፈለገችም። በሮቹን ስትቆጥሩ አንድም ክፍት በር ካላገኛችሁ ደግሞ ታሪኩ ምናልባት በ120 ገጽ የሚያልቅ ነበርና አጭሩን መጻፍ ይሻላል።

በክፍል በክፍል እየወጣ ላለ ታሪክ

በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ በክፍል እየለቀቃችሁ ከሆነ ስድስተኛው ደረጃ ያስቸግራል፤ 20 ክፍል ወጥቷልና ወደ ኋላ ተመልሶ ዘር መዝራት አይቻልም። የወጡትን ክፍሎች ከመጀመሪያው አንብቡና ሳታስቡ የጻፋችሁትን፣ ምክንያቱ ያልተነገረ ትንሽ ነገር ሁሉ ዘርዝሩ፤ ያልተከፈተ መሳቢያ፣ ያልተመለሰ ስልክ፣ አንድ ሰው መልስ ሳይሰጥ የወጣበት ጥያቄ። ከ20 ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ለአዲሱ መያዣ የሚስማማውን አንዱን ምረጡና ምክንያቱ እሱ እንዲሆን አድርጉ። በሚቀጥለው ክፍል ላይ ገጸ ባሕርይዋ ያንን ነገር በስሙ ጠርታ ታስታውሰው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ያነበበ ሰው መሳቢያውን ረስቶታልና።